የዘመን መስመር አሠራር፤ ከውጫሌ እስከ ዓድዋ

ለፈተና ስንሰናዳ በጥናት ወረቀታችን ላይ «1889፤ ውል» ብለን ብንጽፍ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ስናነሣ ምን እንረዳለን? ቍጥሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ የአዲስ አበባ ውል የተፈረመበት፣ ኢጣልያም የውጫሌን ውል ትታ የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት የተቀበለችበት ዓመት ነው። አንደኛው የጠቡ መነሻ ሲሆን ሁለተኛው የጠቡ መድረሻ ነው። በመካከላቸው ሰባት ዓመት ተኩል አለ፤ በመካከላቸው ዓድዋ አለ። በወረቀታችን ላይ ግን ሁለቱም «1889» ናቸው።

ይህ የማስታወስ ጕድለት አይደለም። ወረቀቱ ሲሠራ የገባ ስሕተት ስለሆነ፣ አጥብቀን ባጠናነው መጠን አጥብቀን እንሳሳታለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከውጫሌ እስከ ዓድዋ ያለውን ዘመን እንደ ምሳሌ ይዘን፣ ቀኖቹ እንዴት እንደሚረጋገጡና የትኛው ቀን ከወረቀቱ ላይ ቦታ እንደሚገባው፣ የትኛውም እንደማይገባው ደረጃ በደረጃ እናያለን።

1ኛ፤ በወረቀቱ ራስ ላይ የሚጻፈው ጥያቄ

ማስመሪያ ከማንሣታችን በፊት በወረቀቱ ራስ ላይ አንድ ጥያቄ እንጽፋለን። ጥያቄ የሌለው የዘመን መስመር ከየመጽሐፉ የተቃረመ ቀን ሁሉ የሚከማችበት ጎተራ ይሆናል። የእኛ ጥያቄ፣ «ውጫሌ ላይ የተዋዋሉት ሁለት መንግሥታት ዓድዋ ላይ ለምን ተዋጉ?» የሚል ነው። ጥያቄው «ለምን» እንጂ «እንዴት» እንደማይል ልብ እንበል፤ ኋላ ቀኖቹን ስናበጥር ይህች አንዲት ቃል ብዙ ትወስናለች።

ጥያቄው የመስመሩንም ዳርቻ ይወስንልናል። መነሻው ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት መጋቢት 1881 ነው፤ ምክንያቱም የውጫሌ ውል የተፈረመው ከዚያ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። መድረሻው የአዲስ አበባ ውል የተፈረመበት ጥቅምት 1889 ነው። የዶጋሊ ጦርነት (ጥር 1879) ከዳርቻው ውጭ ስለሚቀር በመስመሩ ላይ ቦታ የለውም፤ ቢያስፈልግ ከጥያቄው ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይወሳል።

2ኛ፤ ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ላይ ማስፈር

እያንዳንዱን ቀን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ እንጽፋለን። በቁራጩ ላይ በመጀመሪያ የሚሰፍረው መጽሐፉ የሰጠን ቀን፣ መጽሐፉ በተጠቀመበት አቆጣጠር፣ ሳይለወጥ ነው። ከጎኑ «በእኛ» ወይም «በአውሮፓ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ለውጡ ከሥሩ ይጻፋል። ይህን የምናደርገው በኋላ አንድ ነገር ቢያጠራጥረን መጽሐፉ ያለውንና እኛ ያሰላነውን ለይተን ለማየት እንድንችል ነው።

ሁለት መጻሕፍት በአንድ ቀን ቢለያዩ አንዱን ወዲያው ከመሰረዝ በፊት ስለ ምን እንደሚናገሩ መመርመር ይገባል። ስለ መተማ አንዱ መጋቢት 1 ሲል ሌላው መጋቢት 2 ይላል። የመጀመሪያው ጦርነቱ የተደረገበትና ንጉሠ ነገሥቱ የቆሰሉበት ቀን ሲሆን፣ ሁለተኛው ያረፉበት ቀን ነው። ሁለት ነገር ስለሆነ ሁለት ቀን ቢኖረው ስሕተት አይደለም።

3ኛ፤ አቆጣጠርን መለወጥ

ስለ ዓመቱ ሁላችንም የምናውቀው ደንብ አለ፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የ7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጕሜን መጨረሻ የ8 ዓመት ልዩነት ነው። ከዚህም የተነሣ የውጫሌ ውል (ሜይ 2 ቀን 1889) እና የዐፄ ምኒልክ ንግሥ (ኖቬምበር 3 ቀን 1889) በአውሮፓ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ነገሮች ሲሆኑ፣ በእኛ ግን ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ንግሡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ዓመቱ ሳይሆን ቀኑ ነው። የዓድዋ በዓል የሚከበረው የካቲት 23 ቀን ነው፤ ይህም ዛሬ ከማርች 2 ጋር ይገጥማል። ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። አንዱ መጽሐፍ ተሳስቶ ይሆን? አልተሳሳተም። በአውሮፓ አቆጣጠር 1900 ዓ.ም. በአራት ቢካፈልም ፌብሩዋሪ 29 ቀን አልነበረውም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን እንዲህ ያለ ቀን መዝለል የለም። ስለዚህ ከማርች 1900 ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ጨምሯል። በዛሬው የቀን መቍጠሪያ የ19ኛውን መቶ ዓመት ቀን የሚለውጥ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቀን ይስታል። ዛሬ መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ሲውል፣ በዚያ ዘመን በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10 ላይ ይውል ነበር።

«በአብዛኛው» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን 6 ስለምትሆን፣ የሚከተለው የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 በአንድ ቀን ይዘገያል። 1888 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ቀን 1895 ላይ ዋለ። ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ያወጁት መስከረም 7 ቀን 1888 ነው፤ ይህን የረሳ ተማሪ ሴፕቴምበር 16 ብሎ ይጽፋል፤ ትክክለኛው ሴፕቴምበር 17 ነው።

4ኛ፤ ማረጋገጫው፤ ዕለቱ

የወሩ ስምና የዓመቱ ቍጥር ከአቆጣጠር ወደ አቆጣጠር ይለዋወጣሉ፤ ዕለቱ ግን አይለወጥም። እሑድ በሮምም በአዲስ አበባም እሑድ ነው። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው እሑድ እንደሆነ ሁሉም ጸሐፊዎች ይስማማሉ። እንግዲህ የካቲት 23 ቀን 1888 እሑድ መሆኑን ከባሕረ ሐሳብ ለብቻው ካገኘን፣ ለውጣችን ትክክል መሆኑን ሌላ ምስክር አገኘን ማለት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በ1888 ላይ 5500 ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7388 ይሆናል። ይህን ለአራት ስናካፍል 1847 ይደርሳል፤ ምንም አይተርፍም። ትርፍ ከሌለ ወንጌላዊው ዮሐንስ ነው፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ በሆነ ነበር። ቀጥሎ 7388 እና 1847 ሲደመሩ 9235 ይሆናሉ። ይህን ለሰባት ስናካፍል 2 ይተርፋል። በባሕረ ሐሳብ ደንብ 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1888 ረቡዕ ነበር።

ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 23 ስንት ቀን አለ? ከመስከረም እስከ ጥር አምስት ወር ነው፤ እያንዳንዱ 30 ቀን ስለሆነ 150 ይሆናል። ከየካቲት 1 እስከ 23 ደግሞ 22 ቀን ነው። በድምሩ 172። ይህ 24 ሳምንት ከአራት ቀን ነው። ከረቡዕ አራት ቀን ወደ ፊት ብንቈጥር ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ደረስን። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1895 ጀምረን 172 ቀን ብንቈጥርም፣ የ1896 ፌብሩዋሪ 29 ቀን እንደነበረው ሳንረሳ፣ ማርች 1 ላይ እናርፋለን። በሁለት መንገድ ሄደን አንድ ቦታ ደረስን።

ለሁሉም ቀን እንዲህ መድከም አያስፈልግም። መጽሐፉ ዕለቱን ከጠቀሰ፣ ወይም ሁለት መጻሕፍት በአንድ ቀን ከተለያዩ፣ ያን ጊዜ ብናሰላ ይበቃል። ስሌቱ ዕለቱን ብቻ እንደሚመረምርም እናስታውስ። ሰባት ቀን ሙሉ የተሳሳተ ቀን ይህን ፈተና ያልፋል።

ቀኑን ለይተን የማናገኘው ነገርም አለ። ዐፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ያስታወቁት በየካቲት 1885 ነው፤ ስለዚህ በቁራጩ ላይ «የካቲት 1885» ብቻ እንጽፋለን። በግምት የተጨመረ ቀን ወረቀቱን ያስጌጠዋል እንጂ አያስተካክለውም።

5ኛ፤ ማበጠር፤ የትኛው ይቀመጥ?

አሁን ሃያ ያህል ቁራጭ ወረቀቶች በጠረጴዛ ላይ አሉን እንበል። እያንዳንዱን አንሥተን አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ ይህ ቀን ከመስመሩ ቢወጣ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ነገር ለመረዳት ያስቸግራል ወይ? ካስቸገረ ይቀመጥ፤ ካላስቸገረ ቢገንም ይውጣ። ሦስት ምሳሌዎች እንይ።

የመጀመሪያው ጥቅምት 2 ቀን 1882 ነው። በዚያ ቀን (ኦክቶበር 11 ቀን 1889) የኢጣልያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ጠቅሶ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በኢጣልያ በኩል መሆኑን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። በአማርኛው ቃል ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል እንጂ አይገደዱም። ጦርነት አልተደረገበትም፤ በዓልም የለው። ዳሩ ግን ከመስመሩ ብናወጣው የሚከተለው ነገር ሁሉ ይጨልማል። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን እንጦጦ ማርያም ነገሡ፤ መንገሣቸውንም ለአውሮፓ ነገሥታት ጻፉ፤ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣላቸው መልስ ግን ጕዳያቸውን በኢጣልያ በኩል እንዲያደርጉ የሚል ነበር። ይህ መልስ ከየት መጣ? ከጥቅምት 2 መጣ። ማስታወቂያው ከንግሡ ሃያ ሦስት ቀን ቀድሟል። ሁለቱን ቀኖች «1882» ብለን በአንድ ላይ ብንጠቀልላቸው ይህ መቅደም ይጠፋል። ስለዚህ ሁለቱም ከነቀናቸው ይቀመጣሉ።

ሁለተኛው የአስመራ ነገር ነው። የኢጣልያ ጦር በሐምሌ 1881 አስመራን ያዘ። ይህ በብዙ የተማሪ ወረቀት ላይ አይገኝም። ነገር ግን መስከረም 22 ቀን 1882 ደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኰንን ኢጣልያ አገር በኔፕልስ የፈረሙት ተጨማሪ ውል፣ ወሰኑ በዚያን ጊዜ በእጅ በተያዘው መሬት መሠረት እንዲሆን ይላል። «በእጅ የተያዘው» የተባለው ምን ያህል እንደሆነ የምናውቀው ከመስከረም በፊት በሐምሌ የተደረገውን ስናውቅ ነው። የውሉ ቀን ያለ አስመራ ቀን ግማሽ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተጣምረው ይገባሉ።

ሦስተኛው የአምባላጌ ድል ነው፤ ኅዳር 28 ቀን 1888። ትልቅ ቀን ነው፤ ማውጣቱም ያሳዝናል። ነገር ግን የወረቀታችን ጥያቄ «ለምን ተዋጉ» የሚል ነው። ኅዳር 28 ሲደርስ ዐዋጁ ታውጆ፣ ጦሩ ዘምቶ፣ የ«ለምን» መልስ አልቋል። አምባላጌና መቀሌ «ጦርነቱ እንዴት ተደረገ» ለሚል ሌላ ወረቀት የመጀመሪያ መስመሮች ናቸው። እንዲሁም ኤርትራ የሚለው ስም በዐዋጅ የወጣበት ጃንዋሪ 1 ቀን 1890 (ታኅሣሥ 24 ቀን 1882) የታወቀ ቀን ነው፤ በዚህ ወረቀት ላይ ግን መሬቱ የተያዘበትና ውሉ የተፈረመበት ቀን ካለ፣ የስሙ ቀን ቢጐድል የሚፈርስ ነገር የለም።

ይህ ማለት የወጣው ቀን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የወጡትን ቁራጮች ጀርባቸው ላይ «ለሌላ ጥያቄ» ብለን ጽፈን እናስቀምጣቸዋለን።

6ኛ፤ መስመሩን በልክ መሳል

ብዙዎቻችን ቀኖቹን በተራ ከላይ ወደ ታች እንጽፋለን። ይህ ቅደም ተከተልን ያሳያል፤ ርቀትን ግን ይሰውራል። ስለዚህ በኤ4 ወረቀት ርዝመት ላይ 27 ሳንቲሜትር መስመር እንሳል፤ ከ1881 መስከረም እስከ 1889 መጨረሻ ዘጠኝ ዓመት ስለሆነ ለአንድ ዓመት 3 ሳንቲሜትር ይደርሰዋል። አንዱ ወር 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ጳጕሜን ከነሐሴ ጋር ትቈጠር።

ቀኖቹን ስንሰካ ወዲያው አንድ ነገር ይታያል። ከመተማ እስከ ንግሡ ያሉት ስድስት ነገሮች ከ1.5 እስከ 3.5 ሳንቲሜትር ባለው ጠባብ ቦታ ተጨናንቀዋል። ከዚያ በኋላ የካቲት 1885 እስኪደርስ 10 ሳንቲሜትር ያህል ባዶ ነው። ከየካቲት 1885 እስከ ክተት ዐዋጁ ደግሞ ወደ 8 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ከዐዋጁ እስከ ዓድዋ ግን 1.4 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ለተጨናነቀው ክፍል ከሥሩ ሌላ አጭር መስመር፣ ለአንድ ወር 2 ሳንቲሜትር በሆነ ልክ፣ አጉልተን እንሳልለት።

ባዶውን ቦታ ግን ለማስዋብ ስንል ቀን አንሞላበትም። ባዶነቱ ራሱ ይናገራል፤ ውሉ እንደ ተካደ ጦርነት አልተነሣም፤ ከስድስት ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ነጥብ አይደለም። ክፉ ቀን ነው። መጻሕፍት የከብቱን እልቂትና ረሃቡን በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1888 እስከ 1892 ያደርጉታል። «1888» ብቻ ሲባል እስከ ጳጕሜን ያለው የእኛ 1880፣ ከመስከረም ወዲህ ያለው 1881 ስለሆነ፣ ወር ያልተጻፈበት ዓመት ሁልጊዜ ሁለት መልስ አለው። ስለዚህ ክፉ ቀንን ከመስመሩ በላይ፣ ከግራው ጫፍ ጀምሮ እስከ 12 ሳንቲሜትር ገደማ በሚደርስ ጥላ እንሳለው፤ ጫፎቹም በእርሳስ ደብዘዝ ይበሉ።

እንዲህ ከሣልነው በኋላ ጥላው የሚያበቃው የውሉ መፍረስ ከታወቀበት ከየካቲት 1885 ጥቂት ቀደም ብሎ መሆኑን እናያለን። በተራ በተጻፈ ዝርዝር ላይ ይህን አናይም ነበር። ነገር ግን መስመሩ ቅርበትን ያሳያል እንጂ ምክንያትን አይመሰክርም። «ረሃቡ ስላለፈ ውሉ ፈረሰ» ብሎ ከወረቀቱ ላይ መደምደም አይገባም፤ ጥያቄውን ይዞ ወደ መጽሐፍ መመለስ ይገባል።

7ኛ፤ የተበጠረው ወረቀት

ሥራው ሲያልቅ በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ይህ ነው፤ ሁሉም በእኛ አቆጣጠር።

መጋቢት 2 ቀን 1881፤ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቆስለው ዐረፉ።
ሚያዝያ 25 ቀን 1881፤ የውጫሌ ውል።
ሐምሌ 1881፤ ኢጣልያ አስመራን ያዘች።
መስከረም 22 ቀን 1882፤ በኔፕልስ የተፈረመው ተጨማሪ ውል።
ጥቅምት 2 ቀን 1882፤ የክሪስፒ ማስታወቂያ።
ጥቅምት 25 ቀን 1882፤ የዐፄ ምኒልክ ንግሥ።
የካቲት 1885፤ ውሉ መፍረሱ ተነገረ።
መስከረም 7 ቀን 1888፤ የክተት ዐዋጅ።
የካቲት 23 ቀን 1888፤ ዓድዋ።
ጥቅምት 17 ቀን 1889፤ የአዲስ አበባ ውል።
ከላይ በጥላ፤ ክፉ ቀን።

ዐሥር ቀንና አንድ ጥላ ነው። ወረቀቱ ደኅና መሆኑን ለማወቅ፣ ለክፍል ጓደኛችን ሰጥተን ከላይ የተጻፈውን ጥያቄ እያየ ታሪኩን ከወረቀቱ ብቻ እንዲነግረን እንጠይቀው። አንድ ቦታ ላይ «ከዚያስ ለምን?» ብሎ ቢቆም እዚያ አንድ ቀን ጐድሏል። ሳይጠቅሰው ያለፈው ቀን ካለ ደግሞ እርሱ ትርፍ ነው፤ ቁራጩን ገልብጠን «ለሌላ ጥያቄ» እንበልበት።